ከ2.698 ወደ 2698፦ በላብ ሪፖርት ላይ የእፍጋትን አሃድ መለወጥ
ለአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተማሪዎች የተሰጠ ገለጻ፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርእስ በሪፖርታችሁ ላይ ከአንድ መስመር በላይ ቦታ አይወስድም። ሆኖም ሪፖርት ሲታረም ቀይ እስክሪብቶ አዘውትሮ የሚያርፈው እዚህ መስመር ላይ ነው። ሚዛኑ በትክክል ተነብቦ፣ ካሊፐሩ በትክክል ተይዞ፣ ቀመሩም ልክ ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ቁጥር ሺህ ጊዜ ተሳስቶ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር እንያዝና ከልኬቱ እስከ መጨረሻው ውጤት አብረን እንሂድ።

ሲሊንደሩ አሉሚኒየም ነው። ዲጂታል ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 38.52 ግራም ያሳያል። በቬርኒየር ካሊፐር ዲያሜትሩ 19.05 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 50.10 ሚሊሜትር ነው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከነአሃዳቸው፣ መሣሪያው ላይ እንደተነበቡ፣ የዳታ ሠንጠረዡ ላይ ይጻፋሉ። እዚያ ላይ ምንም አትለውጡ። ሚሊሜትር አንብባችሁ ሠንጠረዡ ላይ ሜትር ከጻፋችሁ፣ በኋላ ስህተት ሲገኝ ከንባቡ ይሁን ከቅየራው መለየት አይቻልም።

ስሌቱ ላይ ሚሊሜትሩን ወደ ሴንቲሜትር እናመጣለን። ዲያሜትሩ 1.905፣ ቁመቱ 5.010 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይዘቱ ፓይ ለአራት ተካፍሎ፣ ሲባዛ በዲያሜትሩ ስኩዌር፣ ሲባዛ በቁመቱ ነው። ካልኩሌተሩ 14.27965 ይሰጣል፤ ሪፖርቱ ላይ 14.28 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብለን እንጽፋለን። እፍጋቱን ለማግኘት 38.52ን ለይዘቱ ስናካፍል 2.69755 ይመጣል፤ በአራት ጉልህ አሃዞች 2.698 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን 14.28 መልሶ ካልኩሌተሩ ላይ ያስገባ ሰው የሚያገኘው 2.69748 ነው፤ ሲጠጋጋ ደግሞ 2.697 ይሆናል። በፓይ ምትክ 3.14 የተጠቀመ 2.699 ያገኛል። ሦስቱም ተማሪዎች ከአንድ ሲሊንደርና ከአንድ ዳታ ተነስተው በመጨረሻው አሃዝ ይለያያሉ። ይህ ልዩነት ከልኬቱ የስህተት ወሰን ያነሰ ስለሆነ ውጤቱን አያበላሸውም። ግን ከአሃድ ቅየራው የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ የመጣው መሀል ላይ ከማጠጋጋት ነው። መሀል ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ካልኩሌተሩ ውስጥ ሙሉውን አቆዩት፣ ማጠጋጋቱን ለመጨረሻ ተዉት።

አሁን ቅየራው። ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ሁለት አሃዶች አሉ፣ ሁለቱም መለወጥ አለባቸው። ላዕሉ ላይ ያለው ግራም ወደ ኪሎግራም፣ ታህቱ ላይ ያለው ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወደ ኪዩቢክ ሜትር። አንድ ኪሎግራም 1000 ግራም መሆኑን ማንም አይስተውም። ነገሩ የሚበላሸው ታህቱ ላይ ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲሜትር ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ግን በርዝመቱ 100፣ በወርዱ 100፣ በቁመቱ 100 ስለሆነ ውስጡ 1,000,000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አለ። ሴንቲሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ላይ ሲወጣ መቶውም አብሮት ይወጣል።

ሪፖርቱ ላይ ይህ በአንድ መስመር እንዲህ ይጻፋል፦

```
2.698 g/cm³ × (1 kg / 1000 g) × (1 000 000 cm³ / 1 m³) = 2698 kg/m³
```

ሁለቱም ቅንፎች ዋጋቸው አንድ ነው፤ ላዕላቸውና ታህታቸው ያው አንድ መጠን በሁለት አሃድ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ያበዙት ይመስላል እንጂ የብረቱን እፍጋት አልነኩትም። የመጀመሪያው ቅንፍ ግራምን ታህቱ ላይ ያስቀመጠው ከላይ ካለው ግራም ጋር እንዲጣፋ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኪዩቢክ ሴንቲሜትርን ላዕሉ ላይ ያስቀመጠው ከታች ካለው ጋር እንዲጣፋ ነው። በእስክሪብቶ ሰርዟቸው፤ ሳይሰረዝ የቀረው ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ካልሆነ አንዱን ቅንፍ ገልብጣችሁታል። ቁጥሮቹን ስንመለከት ደግሞ አንዱ በሺህ ያካፍላል፣ ሌላው በሚሊዮን ያባዛል፤ የሚተርፈው በ1000 ማባዛት ነው። «በ1000 ይባዛል» የሚለውን በቃል መያዝ ይበቃል የሚል ይኖራል። ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ሪፖርት ላይ ግን መስመሩን ጻፉት፤ አራሚው የሚያየው እሱን ነው፣ እናንተም ስትሳሳቱ የምታዩት እሱን ነው።

ስህተቶቹን አንድ በአንድ የማነሳው ከውጤቱ ተነስቶ ምክንያቱን ማወቅ ስለሚቻል ነው። እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ፊርማ አለው። ትክክለኛው መልስ 2698 መሆኑን ያዙና የወጣላችሁን ቁጥር ከእሱ ጋር አስተያዩት።

0.002698 ካገኛችሁ ግራሙን ወደ ኪሎግራም ለውጣችሁ ታህቱን ረስታችሁታል። ቁጥሩ ራሱ ሐሰት አይደለም፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አሉሚኒየም በእርግጥ 0.002698 ኪሎግራም ነው። ስህተቱ ከጎኑ «በኪዩቢክ ሜትር» ብሎ መጻፉ ነው። በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው፤ «ከትንሽ አሃድ ወደ ትልቅ ሲኬድ ይካፈላል» የሚል ልማድ ያመጣዋል። ልማዱ ለርዝመትና ለክብደት ይሠራል፤ ትልቁ አሃድ ታህት ውስጥ ሲገባ ግን ይገለበጣል።

0.2698 ከሆነ ኪዩቢክ ሜትሩን በ1,000,000 ፈንታ በ100 ለውጣችኋል፤ ርቢው ተረስቷል። 26.98 ከሆነ ደግሞ በ10,000 ለውጣችኋል፤ ይህ የስኩዌር ሜትር ቁጥር ነው፣ አንድ ርቢ ቀርቷል። 2,698,000 ካገኛችሁ ታህቱን በትክክል ለውጣችሁ ግራሙን ግራም አድርጋችሁ ትታችሁታል።

አራቱም ከትክክለኛው የሚለዩት በአሥር ርቢ ብቻ ነው፤ 2፣ 6፣ 9፣ 8 የሚሉት አሃዞች አይነኩም። ይህ ጠቃሚ ምልክት ነው። አሃዞቹ ራሳቸው ከተለወጡ ጥፋቱን ቅየራው ውስጥ አትፈልጉ። ለምሳሌ 674 ከወጣ፣ ሳይጠጋጋ የተያዘውን 2697.55 ለአራት ብታካፍሉ የሚመጣው ይኸው ነው። ይህ ማለት የሲሊንደሩን ይዘት ስትሠሩ ሬዲየስ በሚገባበት ቦታ ዲያሜትር አስገብታችኋል ማለት ነው። ዲያሜትሩ የሬዲየሱ እጥፍ ስለሆነ ስኩዌሩ ይዘቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል፣ እፍጋቱም ወደ ሩብ ይወርዳል።

መልሱን አስቀድሞ ለማያውቅ ሰውስ? የማይታወቅ ናሙና ሲሰጣችሁ የምታስተያዩበት ቁጥር የለም። ያኔ ውሃን ያዙ። በየግቢው የሚታየውን ባለ 1000 ሊትር ሮቶ አስቡ፤ የሚይዘው ልክ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ነው፣ በውሃ ሲሞላ ውሃው አንድ ቶን ገደማ ወይም አሥር ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ የውሃ እፍጋት 1 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወይም 1000 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ነው። ያንን ሮቶ የሚያህል አሉሚኒየም 27 ኩንታል ቢሆን ያስኬዳል፤ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ከአሥር ኩንታል መብለጥ አለበት። 0.002698 የጻፈ ሰው ግን ያ ሁሉ ብረት ሦስት ግራም አይሞላም እያለ ነው። 2,698,000 የጻፈው ደግሞ 2698 ቶን ነው ይላል።

በዚህ ላይ ሁለት ድንበሮችን ጨምሩ። በክፍል ሙቀት የአየር እፍጋት 1.2 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጠጣር ከዚያ በታች ከወጣ ተሳስቷል። በላይኛው ጫፍ ከታወቁት ንጥረ ነገሮች ሁሉ እፍጋቱ ከፍተኛ የሆነው ኦስሚየም 22,590 ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈም ተሳስቷል። 26.98 ብቻ በእነዚህ ድንበሮች መሀል ሾልኮ ያልፋል፤ ለቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚውለው ነጭ ፎም እፍጋቱ በዚያ ሰፈር ነው። እሱን የሚያስቀረው ሲሊንደሩ ውሃ ውስጥ ሲጣል ይንሳፈፋል ወይስ ይሰጥማል የሚለው ጥያቄ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ከመጀመሪያው ሁሉን ወደ ኪሎግራምና ወደ ሜትር ለውጣችሁ መሥራት ትመርጣላችሁ። መንገዱ ትክክል ነው፣ ተመሳሳይ መልስ ያመጣል፤ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። መጠነ ቁሱ 0.03852 ኪሎግራም፣ ዲያሜትሩ 0.01905 ሜትር፣ ቁመቱ 0.05010 ሜትር ይሆናል። ይዘቱ ደግሞ 0.00001427965 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለዓይን አይመችም። አንዱ 0.000014 ብሎ ያጠጋጋዋል፤ ያኔ እፍጋቱ 2751 ይመጣል፣ በሁለት በመቶ ያህል በልጧል። ሌላው 0.00001 ብሎ ይቆርጠዋል፤ እፍጋቱ 3852 ይሆናል። ከአስርዮሽ ነጥብ በኋላ አምስት ቦታ ጽፎ ሳለ በእጁ ያለው ጉልህ አሃዝ አንድ ብቻ ነው፤ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ቦታ ይይዛሉ እንጂ መረጃ አይይዙም። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ይዘቱን 1.428 × 10⁻⁵ ብሎ ይጻፍ።

ኤክሴል ላይ ስትሠሩም ይኸው ይገጥማችኋል። ጠባብ ሴል ላይ ይዘቱ `1.43E-05` ሆኖ ይታያል። መጨረሻ ላይ ያለው `E-05` በአሥር ርቢ ኔጌቲቭ አምስት ይባዛል ማለት ነው። ወደ ሪፖርቱ ሲገለበጥ 1.43 ብቻ ተጽፎ ይቀራል፣ በእጅ ሲካፈልም 0.0269 ይወጣል። ከትክክለኛው የሚለየው በአሥር አምስተኛ ርቢ ነው፤ ከላይ ካየናቸው አራት ስህተቶች አንዱም ይህንን አያመጣም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ቅየራው ላይ ሳይሆን ግልበጣው ላይ ፈልጉት። እኔ የምመክረው በግራምና በሴንቲሜትር ሠርቶ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ መለወጥ ነው። መጠነ ቁሱ `B2`፣ ዲያሜትሩ `B3`፣ ቁመቱ `B4` ላይ ካሉ፣ `B5` እና `B6` እንዲህ ይሞላሉ፦

```
B5:  =B2/(PI()/4*B3^2*B4)
B6:  =B5*1000
```

ከጎናቸው ባለው ዓምድ ላይ የ`B5` አሃድ `g/cm³`፣ የ`B6` አሃድ `kg/m³` መሆኑን ጻፉ። ኤክሴል አሃድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው።

ወደ ስህተት ወሰኑ እንምጣ፤ ቅየራው ትክክል ሆኖም ነጥብ የሚቀነስበት ቦታ ነውና። ካሊፐራችን እስከ 0.05 ሚሊሜትር፣ ሚዛናችን እስከ 0.01 ግራም ያነብባል እንበል። የዲያሜትሩ ስህተት 0.26 በመቶ ነው፤ ዲያሜትሩ ስኩዌር ስለሚሆን እጥፍ ይሆንና 0.52 በመቶ ላይ ይደርሳል። የቁመቱ 0.10 በመቶ፣ የሚዛኑ 0.03 በመቶ ነው። እያንዳንዱን ስኩዌር አድርገን ደምረን ሩቱን ስናወጣ 0.53 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ2.698 ላይ ይህ 0.014 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ሚዛኑ እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ እንደሌለው ልብ በሉ፤ ይህን ውጤት ማሻሻል የፈለገ ሰው ገንዘቡን ሚዛን ላይ ሳይሆን ማይክሮሜትር ላይ ያውጣ።

ስንለውጥ 2.698 ± 0.014 የነበረው 2698 ± 14 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ሁለቱም ቁጥሮች በ1000 ይባዛሉ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ያው አሃድ አላቸው። 2698 ± 0.014 ብሎ የጻፈ ሰው በካሊፐር ከአንድ መቶ ሺህኛ በታች ለካሁ ማለቱ ነው። በመቶኛ የተጻፈው 0.53 ግን አሃድ ስለሌለው አይነካም። ከሠንጠረዥ ዋጋ ጋር ስታስተያዩም እንደዚሁ ነው፤ የአሉሚኒየም 2.70 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከሆነ መጀመሪያ 2700 አድርጉት፤ ልዩነቱ 2 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ወይም 0.07 በመቶ ነው፣ ከ14ቱ ወሰን ውስጥ ገብቷል። በግራሙም ብትሠሩት መቶኛው ያው መሆን አለበት፤ ካልሆነ አንዱን ሳትለውጡ ቀርታችኋል።

ዜሮ ያለበት ውጤት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስህተቱን በአንድ አሃዝ ብቻ ጻፉ ከተባለ ውጤቱ 2.70 ± 0.01 ይሆናል። ይህ ሦስት ጉልህ አሃዝ ነው፣ ዜሮውም ተለክቶ የተገኘ ነው። በ1000 ሲባዛ 2700 ይሆናል፤ አሁን አንባቢው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ተለክተው ይሁን ቦታ ለመሙላት የገቡ አያውቅም። (2.70 ± 0.01) × 10³ ብላችሁ ጻፉት፤ ሦስቱ አሃዞች ሳይቀሩ ይሄዳሉ። በተቃራኒው ካልኩሌተሩ 2697.55 ስላሳየ እንዳለ የሚጽፉ አሉ። በ1000 ማባዛት ጉልህ አሃዝ አይጨምርም፤ አራት ይዞ የገባ ቁጥር አራት ይዞ ይወጣል።

ግራፍ የምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተለያየ ቁመት ያላቸውን ሲሊንደሮች ለክታችሁ መጠነ ቁሱን በግራም በቋሚው፣ ይዘቱን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር በአግዳሚው ዘንግ ላይ ካስቀመጣችሁ የመስመሩ ስሎፕ እፍጋቱ ነው፤ በ1000 ታባዙታላችሁ። መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጥበት ነጥብ ግን አሃዱ ግራም ብቻ ነው። ሚዛኑ ዜሮ ሳይደረግ ከሲሊንደሩ ሥር ወረቀት ተነጥፎ ከሆነ ነጥቡ 0.35 ግራም ሊሆን ይችላል። ይህ ወደ ኪሎግራም ሲለወጥ በ1000 ይካፈላል፣ 0.00035 ይሆናል። የመስመሩን ቀመር እንዳለ በ1000 ያባዛ ሰው ሚዛኑ ላይ 350 ኪሎግራም ወረቀት ነበር ብሎ ይፈርማል።

ፈሳሽ ለሚለኩ የምጨምረው ጥቂት ነው። ግራም በሚሊሊትር የተጻፈ እፍጋት ዛሬ ከግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጋር አንድ ነው፤ በ1000 ይባዛል። ድሮ በጥብቅ አንድ አልነበረም፤ ከ1901 እስከ 1964 ሊትር የሚተረጎመው በአንድ ኪሎግራም ውሃ ይዘት ስለነበር ከ1000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር በሚሊዮን 28 ያህል ይበልጥ ነበር። በጣም ያረጀ ሠንጠረዥ ላይ አምስተኛው አሃዝ ቢለያይ ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ መሣሪያ ግን አይታይም።

አንጻራዊ እፍጋት ሲሰጣችሁ ግን ልዩነቱ ይታያል። እሱ አሃድ የለውም፤ የፈሳሹ እፍጋት ለውሃ እፍጋት ተካፍሎ የተገኘ ነው፤ ውሃው ደግሞ በስንት ዲግሪ እንደሆነ ከጎኑ ይጻፋል። ሁለቱም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆነው 0.920 የተባለ ዘይት እፍጋቱ 920 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር አይደለም። በዚያ ሙቀት የውሃ እፍጋት 998.2 ስለሆነ 0.920 በ998.2 ይባዛል፤ 918 ይሆናል። ውሃው በ4 ዲግሪ ከተወሰደ እፍጋቱ 999.97 ስለሆነ በ1000 ማባዛት ምንም አይጎዳም። ስለዚህ ከማባዛታችሁ በፊት ከቁጥሩ ጎን ያለውን ሙቀት አንብቡ።